ሥራው አለቀ የሚባለው መቼ ነው?

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በእጅ የሚሠራ ሳሙና ይዤ ገበያ ልወጣ ነው። ባለፈው ለአንድ ፍሪላንስ ዲዛይነር “ቆንጆ፣ ዘመናዊ፣ ቀለል ያለ ሎጎና ካርቶን ሥራልኝ” ብዬ በስልክ ጻፍኩለት። ዋጋ ተነጋገርን፣ ግማሹን ከፈልኩ። ከዚያ ስድስት ሰባት ጊዜ “ይኼን አስተካክል፣ ያንን ቀይር” ስለው ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ። ላላለቀ ሥራ ምን ጭማሪ አለው ብዬ ተቆጣሁ። በመጨረሻ ተኮራረፍን። በእጄ የቀረው አንድ JPG ምስል ነው፤ ማተሚያ ቤቱም በዚህ አላትምም አለኝ። አሁን ሌላ ዲዛይነር አግኝቻለሁ። ከመጀመሯ በፊት ምን ምን ጽፌ ልስጣት? ክፍያውስ እንዴት ይሁን? ብዙ ከጻፍኩ የማላምናት አይመስላትም?»

አይመስላትም። እንዲያውም ሥራዋን የምታውቅ ከሆነች፣ ሁለት ገጽ ጽፈሽ ስትሰጫት እፎይ ነው የምትለው። እኔ ዲዛይን ሠርቼም፣ ዲዛይነር ቀጥሬም አይቻለሁ። ብሪፍ የሚባለው ይኼ የሥራ ማዘዣ ጽሑፍ ቢረዝም ማንንም አያስፈራም። የሚያስፈራው «አንቺ ብቻ አሳምረሽ ሥሪው፣ በሌላው አንጣላም» የሚል ደንበኛ ነው። መጨረሻ ላይ የሚጣላው እሱ ነው።

ከፊተኛው ጋር ያጣላችሁ የጠባይ ጉዳይ አይመስለኝም። ሥራው የት ጋ እንደሚያልቅ ሁለታችሁም አልተናገራችሁም። «ቆንጆ» እና «ዘመናዊ» ማለቂያ የላቸውም፤ አሥረኛው ሙከራ ላይም «ገና ነው» ማለት ይቻላል። እሱ በልቡ ሁለት ሦስት ማስተካከያ አስቦ ነው ዋጋውን የነገረሽ። አንቺ ደግሞ ዋጋው እስክትረኪ ድረስ ነው ብለሽ ተቀበልሽ። ስለዚህ አዲሱን ብሪፍ ስትጽፊ እያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ቆም ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፦ ይኼ አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

ከሥራው ወሰን እንጀምር። «ሎጎና ካርቶን» ለአንቺ ሁለት ነገር ነው። ለዲዛይነር ግን ገና ያልተቆጠረ ሥራ ነው። ሳሙናሽ ስንት ዓይነት ነው? በመዓዛ የሚለያዩ ሦስት ዓይነት ናቸው እንበል። ለሦስቱ ካርቶኖች የየራሳቸው ስዕል ያለው ሦስት ዲዛይን ይሠራላቸዋል? ወይስ ዲዛይኑ አንድ ሆኖ ቀለሙና የመዓዛው ስም ብቻ ይቀያየራል? የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ የበለጠ ጊዜ ይበላል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ደግሞስ ሦስቱ ሳሙናዎች መጠናቸው እኩል ነው? አንዱ ትንሽ ወፈር ካለ የእሱ ካርቶን ለብቻው ሊሠራ ነው።

ከዲዛይነሯ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ማተሚያ ቤት ሂጂና የካርቶኑን ዳይላይን ጠይቂ። ካርቶኑ ተዘርግቶ የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ ሙጫ የሚነካው ክንፍ የቱ እንደሆነ የሚያሳይ ፋይል ነው። እሱ ከሌለ ዲዛይነሯ በግምት ነው የምትሠራው። ግምቱ መሳሳቱ የሚታወቀው ደግሞ ካርቶኑ ታትሞ ሲታጠፍ ነው፤ የሳሙናው ስም ጠርዝ ላይ ያርፍና ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከጎን ይገኛል።

እንግዲህ ወሰኑን በብሪፉ ላይ እንዲህ አድርገሽ ልትጽፊው ትችያለሽ፦

«ሥራው አንድ ሎጎ እና አንድ የካርቶን ዲዛይን ነው። የካርቶኑ ዲዛይን ለሦስት መዓዛ ማለትም ለጽጌረዳ፣ ለሎሚ እና ለላቬንደር ቀለሙና ስሙ እየተቀየረ ይዘጋጃል። መጠኑ ለሦስቱም አንድ ነው፤ ዳይላይኑ ተያይዟል። ካርቶኑ ላይ የሚገባውን ጽሑፍ፣ ክብደቱን፣ የይዘት ዝርዝሩንና ባርኮዱን የማቀርበው እኔ ነኝ። የካርቶኑ ሥራ የሚጀመረው እነዚህ ተሟልተው ሲደርሱ ነው። ሥራው ፎቶ ማንሳትን፣ ጽሑፍ ማዘጋጀትን፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ምስሎችን፣ ድረ ገጽንና የሕትመት ክትትልን አይጨምርም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትናቂያት። ሰው የሚጋጨው በተጻፈው ላይ አይደለም፤ «እሱማ አብሮ ነው» ብሎ በልቡ በያዘው ላይ ነው። ካርቶኑ ሲያልቅ «እግረ መንገድሽን ለፌስቡክም አንድ ሁለት ነገር ጣል አድርጊልኝ» ማለት እንደሚያምርሽ አልጠራጠርም። ካማረሽ አሁኑኑ ዋጋ አስወጪለት፣ ካልሆነም ከወሰኑ ውጭ መሆኑን ጻፊ። የይዘት ዝርዝሩና ባርኮዱ ነገርም ቀላል አይደለም። ብዙ ሥራ የሚጓተተው ዲዛይነሩ ሰንፎ ሳይሆን ደንበኛው ጽሑፉን «ነገ እልካለሁ» እያለ ነው።

ስለ መልኩ ብዙ አትጻፊ። ሳሙናውን የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ መደርደሪያ ላይ ከምን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ከምን ጋር እንዲመሳሰል እንደማትፈልጊ ንገሪያት። የወደድሻቸውን ሁለት ሦስት ካርቶኖች ፎቶ ላኪ፣ ከእያንዳንዳቸው ምኑን እንደወደድሽ በአንድ መስመር ጻፊ። አንድ የማትወጂውም ጨምሪበት። ቀሪው የእሷ ሙያ ነው፤ ለእሱ ነው የምትከፍያት።

አሁን ወደ ርክክቡ። JPG የትናንሽ ነጠብጣቦች ክምችት ነው። ስልክ ላይ ያምራል። ሲያሳድጉት ግን ጠርዙ እንደ ደረጃ ይሸራረፋል፤ ባለቀለም ነገር ላይ ሲያስቀምጡትም ከነጭ ሳጥኑ ጋር ነው የሚመጣው። ማተሚያ ቤቱ የፈለገው ቬክተር ነው። ቬክተር ላይ ቅርጹ የተያዘው በመስመር ስሌት ስለሆነ ለካርቶንም ለትልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳም ቢሆን አይደበዝዝም። ስለዚህ «ሎጎ ታስረክበኛለች» ብለሽ አታብቂ፦

«ሎጎው በ SVG፣ በቬክተር PDF እና ጀርባው ክፍት በሆነ PNG ይሰጣል። አንዱ አቀማመጥ ወደ ጎን የተዘረጋ፣ ሌላው ከላይና ከታች የተደራረበ ይሆናል። እያንዳንዱ በሙሉ ቀለም፣ በጥቁር ብቻ እና በነጭ ብቻ ይዘጋጃል። የቀለሞቹ የ CMYK እና የ HEX ቁጥር ተጽፎ ይሰጣል። ካርቶኖቹ ለሕትመት በተዘጋጀ PDF፣ በ CMYK፣ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተጨምሮ፣ ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ ተቀይረው ይቀርባሉ። ጽሑፉ ሊታረም የሚችልበት አንድ ቅጂም አብሮ ይሰጣል።»

ይኼ ሁሉ ቴክኒክ አያስደንግጥሽ፤ ሁሉም ምክንያት አለው። SVG የቬክተር ፋይል ዓይነት ነው። የ3 ሚሊ ሜትሩ ትርፍ ወረቀት ሲቆረጥ ጥቂት ስለሚንሸራተት ነው፤ ከሌለ ካርቶንሽ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። አንዳንድ ማተሚያ ቤት ከዚህ የተለየ ልክ ስለሚፈልግ ዳይላይኑን ስትወስጂ አብረሽ ጠይቂ። ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ የሚቀየሩት የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ በሌላ ፎንት እንዳይተካው ነው። ግን አንዴ ቅርጽ ከሆኑ በኋላ እንደ ጽሑፍ አይታረሙም። ነገ ክብደቱ ቢቀየር እንዳትቸገሪ ነው የሚታረመውን ቅጂ የምትጠይቂው። CMYK ደግሞ ቀለም ለሕትመት የሚገለጽበት መንገድ ነው፤ HEX የስክሪኑ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወርድ ደብዘዝ ይላል። ያንን ከሕትመት በፊት ማየት ይሻላል።

ፋይሉ እጅሽ ሲገባ ራስሽ ፈትሺው። PDFን ክፈቺና እስከ 800 በመቶ አሳድጊው። የሎጎው ጠርዝ እንደ ምላጭ ጥርት ብሎ ከቀረ ቬክተር ነው። ከተሸራረፈ ወይም ከደበዘዘ፣ አንድ ሰው JPGውን PDF ውስጥ ከትቶልሻል ማለት ነው። የፋይሉ ስም PDF መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

እዚሁ ላይ ሁለት ነገር አስቀድመሽ ጠይቂያት። አንደኛው ዋናው የሥራ ፋይል ነው፤ እሷ የሠራችበት፣ ሁሉም ነገር ለየብቻው የሚነካካበት። ብዙ ዲዛይነሮች ይኼን አይሰጡም፣ ወይም ለብቻው ያስከፍሉበታል። መብታቸው ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ሳይሆን አሁን እወቂው። ሁለተኛው ፎንቱ ነው። በነፃ የወረደ ፎንት ሁሉ ለንግድ አይፈቀድም። ፈቃድ መግዛት ካስፈለገ የሚከፍለው ማን እንደሆነና ፈቃዱ በማን ስም እንደሚሆን ጻፉት።

ማስተካከያ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው። «ሁለት ማስተካከያ» ብሎ መጻፍ በቂ ይመስላል። ግን አስቢው። ማክሰኞ ማታ «ፊደሉ ትንሽ ይወፍር» ብለሽ ላክሽ። ረቡዕ ጠዋት «አረንጓዴው ረገብ ይበል» አልሽ። ረቡዕ ማታ እህትሽ አይታው «ቅጠሉ ለምን አስፈለገ?» አለች፣ እሱንም አስተላለፍሽ። ይኼ አንድ ማስተካከያ ነው ወይስ ሦስት? አንቺ አንድ ነው ትያለሽ። ዲዛይነሯ ግን ሦስት ጊዜ ከሌላ ሥራዋ ተነስታ ፋይሉን ከፍታለች፣ ሦስት ጊዜ ሠርታ ልካለች። የፊተኛው ሰውዬ የቆጠረው በዚህኛው መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ይጻፍ፦

«አንድ ዙር ማለት በረቂቁ ላይ ያለኝን አስተያየት ሁሉ ሰብስቤ በአንድ ጽሑፍ የምልክበት፣ ዲዛይነሯም ሁሉንም አስተካክላ የምትመልስበት ነው። አስተያየት የምሰጠው እኔ ብቻ ነኝ። ረቂቅ በደረሰኝ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ እመልሳለሁ፤ ከዘገየሁ የማስረከቢያው ቀን በዚያው ልክ ይገፋል።»

«እኔ ብቻ» ስትዪ እህትሽን አታማክሪያት ማለት አይደለም። ከመላክሽ በፊት አማክሪያት። ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ እዚያው ጨርሱት እንጂ ክርክሩን ለዲዛይነሯ አታሸክሟት። «እኔ ቅጠሉን ወድጄዋለሁ፣ እህቴ ግን አልወደደችውም» የሚል አስተያየት ሲደርሳት ምን ታድርግ?

ቀጥሎ፣ ሁሉም ለውጥ ከዙር አይቆጠርም፤ ዙር ውስጥ የማይገባ ለውጥም አለ። «ላቬንደር» የሚለውን ስም አሳስታ ብትጽፈው ወይም በብሪፉ የተጻፈ ነገር ብትዘነጋ ያ የእሷ ስህተት ነው። በነፃ ይታረማል፣ አይቆጠርም። ፊደሉ ይወፍር፣ ቅጠሉ ወደ ግራ ይሂድ፣ ቢጫው ይቅር ስትዪ ይኼ ማስተካከያ ነው፤ ይቆጠራል። ሁለተኛውን ዙር ከጨረሳችሁ በኋላ «ተውኩት፣ ቅጠሉ ቀርቶ ሴት ፊት ይሁንልኝ» ብትዪ ግን ይኼ ማስተካከያ አይባልም። አዲስ ሥራ ነው፣ አዲስ ዋጋ አለው። ሦስቱን በየአንድ መስመር ጻፊያቸው። እንግዲህ ስድስት ሰባቱን የበፊት ጥያቄዎችሽን በዚህ መለያ ተመልከቺያቸው፤ የትኞቹ ከየትኛው እንደሚገቡ ራስሽ ታዪዋለሽ።

ዙሮቹን በደረጃ ብትከፍያቸው ደግሞ የበለጠ ይቀላል። ለአንቺ ሥራ እንዲህ ይበቃል እላለሁ። መጀመሪያ ሁለት የተለያዩ የሎጎ ሐሳቦች ታቀርባለች። አንዱን በጽሑፍ ትመርጫለሽ። በተመረጠው ላይ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ሎጎው ይዘጋል። ቀጥሎ ካርቶኑ በአንዱ መዓዛ ብቻ ይሠራል፣ በእሱ ላይ ሁለት ዙር። ሲጸድቅ ሁለቱ መዓዛዎች በዚያው ልክ ይዘጋጃሉ። የተዘጋ ደረጃ አይከፈትም፤ ከተከፈተ በክፍያ ነው። ሦስቱን ካርቶን ባንዴ ካሠራሽ አንዷን «ፊደሉ ይነስ» የምትል አስተያየት ሦስት ቦታ ታስተካክላለች፣ አንዱ ጋ መርሳቷም አይቀርም። ከሁለቱ ዙር በላይ ለምትፈልጊው ተጨማሪ ዙር ስንት እንደምትከፍዪ ቁጥሩ አሁኑኑ ይቀመጥ። «ዋጋውን አሳውቃ፣ በጽሑፍ እሺ ሳልላት ተጨማሪ ሥራ አትጀምርም» የሚለውንም አክዪበት። ያኔ ድንገት የሚመጣ ሒሳብ አይኖርም።

አስተያየት ስትጽፊ «ሕይወት ይጎድለዋል» ወይም «አልተዋጠልኝም» ብለሽ አትላኪ፤ ዙርሽን ታባክኛለሽ። ችግሩን ተናገሪ፦ «የሳሙናው ስም ሁለት ሜትር ርቄ ሳየው አይነበብም»፣ «ሎሚውና ላቬንደሩ ጎን ለጎን ሲሆኑ አይለያዩም»። መፍትሔውን ለእሷ ተዪላት። «ፊደሉን በ4 ነጥብ ጨምሪ» ካልሻት ትጨምራለች፣ ግን ችግሩ ከመጠኑ ሳይሆን ከቀለሙ ከነበረ ዙሩ በከንቱ ሄደ።

ለሕትመት እሺ ከማለትሽ በፊት ካርቶኑን በትክክለኛ መጠኑ ተራ ወረቀት ላይ አትሚው። ፕሪንተሩ ላይ 100 በመቶ መሆኑን እዪ፤ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ከተመረጠ ልኩ ይዛባል። ቁረጪው፣ እጠፊው፣ ሳሙናውን ክተቺበት። ባርኮዱን በስልክ አንብቢው። ጽሑፉን ቃል በቃል ከሰጠሻት ጋር አስተያዪ። ብዙውን ጊዜ ደንበኛው ካጸደቀ በኋላ የተገኘ የፊደል ስህተት በደንበኛው ላይ ይቆጠራል፤ የአንቺም ብሪፍ እንዲህ ቢል ፍትሐዊ ነው። ጽሑፉን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ክፍያው አሁን ቀላል ይሆናል፤ ደረጃዎቹ ስላሉሽ ገንዘቡን እነሱ ላይ ማሰር ነው። ለመጀመር 40 በመቶ ቀብድ፣ ሎጎው ሲዘጋ 30 በመቶ፣ ካርቶኖቹ ጸድቀው የሕትመት ፋይሎቻቸው ከመላካቸው በፊት 30 በመቶ። ግማሽ በግማሽም ብዙዎች ይሠራሉ፤ ለአጭር ሥራ ምንም አይልም። ለእናንተ ግን ሦስቱ ይሻላል። መሀል ላይ ብትለያዩ ማንም ብዙ አይጎዳም፤ አንቺ ሎጎሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ እሷም የሠራችውን ተከፍላለች።

«ፋይሉን ሳላየው እንዴት እከፍላለሁ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ታዪዋለሽ። ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ምልክት የተደረገበት፣ ለሕትመት የማይሆን ቅጂ ትልክልሻለች፤ ወይም ስክሪኗን አጋርታሽ እያንዳንዱን ፋይል ከፍታ ታሳይሻለች። በዝርዝሩ መሠረት መሟላቱን አይተሽ ትከፍያለሽ፣ ወዲያው ይላክልሻል። ከዚያ በኋላ የጎደለ ፋይል ካገኘሽ በ7 ቀን ውስጥ በነፃ እንድታሟላ ጻፉ። «ስረካ እከፍላለሁ» የሚል ሐረግ ግን ብሪፍሽ ውስጥ እንዳይገባ። ዲዛይነሯ ካላት ልምድ የተነሳ ይኼን ስታይ ወይ ዋጋ ትጨምራለች፣ ወይ ትሸሻለች።

ሁለታችሁም ልትጠፉ ስለምትችሉ እሱም ይጻፍ። አንቺ ለ30 ቀን መልስ ካልሰጠሽ እስከዚያ የተሠራው ደረጃ ክፍያ ይደርሳል። አንቺ ሥራውን ከተውሽ ቀብዱ አይመለስም። እሷ ካቋረጠች ላልሠራችው ደረጃ የወሰደችውን ትመልሳለች፣ እስከዚያ የሠራችውንም ታስረክባለች።

በጀትሽን ደብቀሽ «አንቺ ስንት ትያለሽ?» አትበያት። ከዚህ እስከዚህ አለኝ በያት። ባለሽ ገንዘብ ምን ሊሠራ እንደሚችል የምትነግርሽ እሷ ናት፤ ምናልባት አንድ የሎጎ ሐሳብ ብቻ ይበቃል ትልሽ ይሆናል። ወሰኑን ቀንሶ ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል። ወሰኑ እንዳለ ሆኖ ዋጋ ብቻ ከተቀነሰ የሚቀነሰው ጥንቃቄው ነው።

የባለቤትነቱን ነገር አትርሺ። በብዙ አገሮች ፍሪላንሰር የሠራው ሥራ የቅጂ መብት፣ ገንዘቡ ተከፍሎም ቢሆን፣ በጽሑፍ እስካልተላለፈ ድረስ የሠሪው ነው። «የሎጎው ደረጃ ክፍያ ሲፈጸም የተመረጠው ሎጎ፣ የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ደግሞ የካርቶኖቹ ሙሉ የመጠቀምና የመቀየር መብት ወደ እኔ ይተላለፋል» የሚል ጻፊ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ያልተመረጠው ሁለተኛ ሐሳብ የእሷ ሆኖ ይቀራል። ሥራውን በፖርትፎሊዮዋ ማሳየት ከፈለገች ሳሙናው ገበያ ከወጣ በኋላ ይሁን በያት። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ያገርሽን ሕግ የሚያውቅ ሰው አንዴ ያንብብልሽ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። ያቺን JPG ለአዲሷ ልጅ ሰጥተሽ «በላዩ ሂጂበትና ቬክተር አድርጊልኝ» እንዳትያት። ሙሉውን አልከፈልሽም፣ መብቱም አልተላለፈልሽም። ሎጎውን ከልብሽ ከወደድሽው ለፊተኛው ሰው ጻፊለት፦ ቀሪውን ልክፈልህ፣ ቬክተሩንና የመብት ማስተላለፊያውን ስጠኝ። እሺ ካለ አዲሷ ካርቶኑን ብቻ ትሠራለች፣ የሎጎው ደረጃና ክፍያ ከብሪፉ ይወጣል። እምቢ ካለ ከዜሮ ጀምሩ፤ ለእሷም የድሮውን ምስል «እንዲህ ዓይነት» ብለሽ አታሳያት።